ሰዓትህ ጀርባ ላይ «30 ሜትር» ስለተጻፈ ይዘኸው ታና አትግባ

ባለፈው እሁድ ታናሽ ወንድሜ ከሐይቁ ወጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። የሰዓቱ መስታወት ከውስጥ ጉም ለብሷል፤ ሰኮንድ ቆጣሪዋ አንድ ቦታ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። «30 ሜትር ይላል እኮ! ታና ራሱ 30 ሜትር የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው። የታና ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ደግሞ ከደረቱ አላለፈም።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ያ ቁጥር «እዚህ ድረስ ይዘኸኝ ጥለቅ» ማለት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሰዓት፣ ውሃ የሚያግድለት ጎማ ሳያረጅ፣ ሳይወዛወዝ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል የ30 ሜትር ውሃ የሚያሳርፈውን ግፊት ችሏል ማለት ነው። ያውም የአንተው ሰዓት ራሱ ላይሞከር ይችላል፤ ለተራ ሰዓት ከምርቱ ናሙና አውጥቶ መሞከር ይበቃል። አንድ በአንድ የሚፈተኑት የጠላቂ ሰዓቶች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓትህን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። ኤቲኤም የሚል ካየህ ብር ማውጫው አይደለም፤ የግፊት መለኪያ ነው፣ አንዱ የ10 ሜትር ውሃ ያህላል። ባር የሚለውም ያው ነው በለው። ቁጥር የሌለው «ውሃ ይቋቋማል» ወይም 3 ኤቲኤም (30 ሜትር) ከሆነ ለእጅ መታጠብና ለክረምት ዝናብ ነው፣ አለቀ። 5 ለአጭር ዋና ይሆናል። እኔ ግን ከ10 በታች የሆነ ሰዓት አድርጌ አልዋኝም።

ብዙ ሰው «ስትዋኝ እጅህ ውሃውን ሲመታ ግፊቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል» ይላል። የተጋነነ ነው። እጅህን በሰኮንድ 5 ሜትር ብትወረውረው እንኳ የሚጨምረው የአንድ ሜትር ከሩብ ውሃ ግፊት ያህል ነው። ሰዓቱን የሚጥለው ሌላ ነው።

አንደኛው ጎማው ነው። ከጀርባው ክዳን ሥር እንደ ክር የቀጠነች የጎማ ቀለበት አለች፣ ውሃ የምታግደው እሷ ናት። ላብ፣ ሳሙናና ፀሐይ ያደርቋታል። የውሃ ጠብታ ላዩን ነክቶ ይወርዳል፤ ሐይቅ ውስጥ ግን ውሃው ከየአቅጣጫው ሳያቋርጥ ይገፋል፣ ትንሽ ስንጥቅ ትበቃዋለች። ሁለተኛው ጎኑ ላይ ያለችው መሙያ ናት። በግማሽ ተስባ ከቀረች በሩ ክፍት ነው፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አትንካት። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ጀልባ ላይ ወደ ዘጌ ስትሄድ ፀሐይ ያጋለውን ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል።

አሁን ያንተን ፈትሽ። በእጅህ የምትችለው ለብ ያለ ውሃ የብረት ኩባያ ላይ ሞልተህ በትንሽ ሳህን ክደነው፣ ሰዓቱን በጀርባው ሳህኑ ላይ አስተኛው። 20 ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ከዚያ መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ጣል፣ አንድ ደቂቃ ጠብቅና በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ጠብታው በነበረበት ቦታ ከመስታወቱ ሥር ጉም ካየህ እርጥበት ገብቷል። ጉም ካላየህ ግን «አይገባም» ብለህ አትደምድም፤ እስካሁን አልገባም ማለት ብቻ ነው።

ባትሪ ስታስቀይር «ጎማዋንም ቀይርልኝ» በል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ካልጠየቅህ ግን የድሮዋ ተመልሳ ትገባለች።

ውሃ ከገባበት? ፎገራ ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውን ተወው፤ ሩዝ የተዘጋ ክዳን አልፎ ውሃ አይመጥም። ፀሐይ ላይም አታስጣው፣ እርጥበቱ ውስጥ ለውስጥ ይሰራጫል እንጂ አይወጣም። ሳይዝግ በዚያው ቀን ሰዓት ሰሪ ጋ ውሰደውና ክዳኑ ይከፈት።

እኛም ሰኞ ጠዋት ወሰድነው፣ አንድ ቀን ዘግይተን። ሰዓት ሰሪው ክዳኑን አንስቶ ቀለበቷን በወረንጦ አወጣና አሳየን። አንድ ጎኗ ክዳኑና አካሉ መካከል ተቆንጥጦ እንደ ወረቀት ተጨፍልቋል። ወንድሜ ባትሪ ያስቀየረው የዛሬ ዓመት ነው።