ስለ ስደተኞች ጥበቃ ለሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ መጠየቂያ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ብርሃን የሚማር የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ «የስደተኞች ጥበቃ ክፍተቶች በኢትዮጵያ» ብሎ ለመምህሩ ቢጽፍ፣ መልሱ «አጥብበው» ነው። ስለዚህ ሥራው ከደብዳቤው በፊት ይጀምራል።

መጀመሪያ ጉዳዩ በእርግጥ የስደተኛ ጉዳይ መሆኑን አረጋግጡ። ሰሜን ሸዋ ላይ በቅርብ የምናየው የተፈናቃዮችን ችግር ነው። ተፈናቃይ ግን ድንበር አልተሻገረም፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አይመለከተውም። የእሱ ጉዳይ የሚታየው ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ደብዳቤ ገና ከመጀመሪያው መስመር ይወድቃል።

ቀጥሎ ክፍተቱን በአንቀጽ አሳዩ። «መብታቸው አይከበርም» ማለት ገና ጥያቄ አይሆንም። የሕጉ ሁለት ድንጋጌዎች የሚጋጩበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ እንዲሆኑኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዶክተር፣

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአንቀጽ 26 ለስደተኛ የመሥራት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 28 የመዘዋወር ነጻነትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ስደተኞች የሚኖሩበትን ቦታ የስደተኞችን ጉዳይ የሚመራው መንግሥታዊ ተቋም ሊያመቻች እንደሚችልም ይደነግጋል። ጥናቴ የሚጠይቀው፣ ከካምፕ እንዳይወጣ የተደረገ ስደተኛ በአንቀጽ 26 መብቱ እንዴት ሊጠቀም እንደሚችል ነው። አዋጁን፣ መመሪያዎቹንና የ1951ዱን የስደተኞች ኮንቬንሽን አነጻጽራለሁ። ቃለ መጠይቅ አላካትትም። የአንድ ገጽ ንድፍ አያይዣለሁ። ጊዜ ካለዎት ቢሮዎ መጥቼ ላስረዳ?

ከአክብሮት ጋር»

ስምና መታወቂያ ቁጥር ከታች ይግባ። በቃ፣ ከዚህ አይርዘም።

«ቃለ መጠይቅ አላካትትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ዋጋ አለው። ካምፕ ገብቶ ስደተኛ ማነጋገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚያነጋግሩት ሰው ደኅንነትም ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ ሴሚስተር ይህን እጨርሳለሁ የሚል ተማሪ መምህሩን ያሳስባል። የሰነድ ጥናት ግን ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይሠራል። ገደቡም ግልጽ ነው፦ ሕጉ ምን እንደሚል ያሳያል እንጂ ካምፕ ውስጥ በተግባር ምን እየሆነ እንዳለ አይነግረንም። ይህንንም ንድፉ ላይ በግልጽ ጻፉት።

ንድፉ ውስጥ አንድ ነገር አትዝለሉ። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ስትቀበል በአንዳንድ አንቀጾች ላይ ተአቅቦ አድርጋለች። ከእነዚህ አንዱ ስለ ቅጥር ሥራ የሚደነግገው አንቀጽ 17(2) ነው፤ አገሪቱ የተቀበለችው እንደ ምክረ ሐሳብ እንጂ እንደ አስገዳጅ ግዴታ አይደለም። «ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ጥሳለች» ብሎ የሚጀምር ተማሪ እዚህ ላይ ይያዛል። ተአቅቦውን ያነበበ ግን የተሻለ ጥያቄ ያነሳል፦ አዋጁ ከኮንቬንሽኑ ግዴታ አልፎ ሄዷልን?

ሳምንት አልፎ መልስ ካልመጣ በትህትና አስታውሱ። መምህሩ ሌላ ሰው ቢጠቁሙ ደብዳቤውን ዝም ብላችሁ አታስተላልፉ። የአዲሱን መምህር ሙያ አይታችሁ ጥያቄውን አስተካክሉት፤ የአስተዳደር ሕግ መምህር ከሆኑ የተቋሙ ሥልጣን ከአንቀጽ 28 አንጻር እስከ የት እንደሆነ ይቅደም።