የስጋት መዝገብ እንዴት ይገመገማል? አንድ ረድፍ ይዘን እንየው

አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ ፎር ክሊኒክ እየተሠራ ነው እንበል። የፕሮጀክቱን የስጋት መዝገብ፣ በተለምዶ ሪስክ ሬጅስተር የምንለውን፣ ስትከፍቱ አንዱ ረድፍ እንዲህ ይላል፦ "የውጭ ምንዛሪ ችግር። ደረጃ፦ ከፍተኛ። ባለቤት፦ ማኔጅመንት። እርምጃ፦ ጥብቅ ክትትል ይደረጋል።" ላየው ሰው የተሟላ ይመስላል። ግን ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም።

ከስጋቱ ጀምሩ። "የውጭ ምንዛሪ ችግር" ርዕስ ነው። አሁን ያለው እውነታ ምንድን ነው? ምን ሊከሰት ይችላል? ቢከሰት ምን ይጎዳብናል? የግዢ ክፍሉን ስትጠይቁ ነገሩ የሊፍት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ እንዲህ ይጻፍ፦ "ሊፍቱ ከውጭ በዶላር ስለሚገዛ፣ ባንኩ እስከ ጥር 30 ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ላይከፍትልን ይችላል፤ ያኔ ሊፍቱ ለሰኔ አይደርስም፣ ርክክቡም ይዘገያል።"

ስትጽፉት ሌላ ስጋት ብቅ ይላል፤ ዶላሩ ቢገኝም ምንዛሪው ሊንር ይችላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በድሮው ተመን በጀት የያዘ ሁሉ ይህን ቀምሶታል። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ረድፍ ስጧቸው። ባንኩ አስቀድሞ "አይቻልም" ብሎ ከሆነ ግን ስጋት መሆኑ ቀርቷል። የደረሰ ችግር ነውና ወደ ችግሮች ዝርዝር ይዛወር።

ቀጥሎ ኤክሴል ላይ የባለቤት ዓምዱን ፊልተር አድርጉ። ባዶዎቹን፣ "ማኔጅመንት" እና "የሚመለከተው አካል" የሚሉትን አውጡ። የሚመለከተው አካል ማለት ማንንም አይመለከትም ማለት ነው። የአንድ ሰው ስም ይግባ፤ ከዚያ ደውሉለት። እኔ አንዴ ብደውል "የምን መዝገብ?" ተብያለሁ። ሰውየው የመወሰን ሥልጣን እንዳለውም እዩ። የኤልሲ ማመልከቻ መፈረም የማይችል ሰው የዚህ ስጋት ባለቤት ሊሆን አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጀው እርምጃው ነው። "ክትትል ይደረጋል"፣ "ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከራል" ምኞት ናቸው። ማን፣ እስከ መቼ፣ መሠራቱ በምን ይታወቃል? ለሊፍቱ ሁለት እርምጃ ይበቃል። አንዱ ስጋቱ የመከሰት ዕድሉን ይቀንሳል፦ "የግዢ ኃላፊው እስከ ኅዳር 15 ፕሮፎርማውን ይዞ ለባንኩ ያመለክታል፤ የገባበት ማስረጃ ይያያዛል።" ሌላው ጉዳቱን ይቀንሳል፦ "ጥር 30 ካለፈ አገር ውስጥ በብር የሚሸጥ ሊፍት ይገዛል፤ የዋጋ ልዩነቱ ከመጠባበቂያ ይሸፈናል።"

ሁለተኛው ግን አሁንም ምኞት ሊሆን ይችላል። ያ ሊፍት በሚሠራው ሻፍት፣ ማለትም ሊፍቱ በሚመላለስበት ክፍተት፣ ውስጥ ይገባል? ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ጠባብ ሆኖ ቢገኝ አማራጩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መሐንዲሱ ከሙሌቱ በፊት ልኩን ለሁለቱም ሊፍቶች ያመሳክር፤ ይህም በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ ቀን ይያዝለት።

ደረጃውን ከ"ከፍተኛ" ወደ "መካከለኛ" የምታወርዱት ማስረጃው ሲያያዝ እንጂ እርምጃው ስለተጻፈ አይደለም።