የበር መቃንና ወጋግራ በምስጥ ሲበላ፦ ከምልክቱ እስከ መነሻው

ምስጥ ያለበት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር አንድ ቦታ ነው፣ መነሻው ደግሞ ሌላ ቦታ። ኮርኒሱ ላይ ያያችሁት የጭቃ መስመር ከታች፣ ከበሩ እግር ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች፣ መንገዱን ተከትላችሁ ፈልጉ። እዚህ የማወራው በአገራችን በብዛት ስለሚገኘውና ከመሬት ስለሚነሳው ምስጥ ነው። ጎጆው አፈር ውስጥ ነው። ቤታችሁ የሚመጣው ለመብል ብቻ ነው፣ ይዞም ይመለሳል።

በሩ አልዘጋ አለ፣ ቀለሙም አበጠ

ክረምት ሲገባ የእንጨት በር መጥበቁ የተለመደ ነው። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይመለሳል። በጋው ገብቶም በሩ ካልተመለሰ ግን መላጊያ ከማንሳታችሁ በፊት መቃኑን መርምሩት። ምስጥ እንጨቱን እየበላ በምትኩ እርጥብ አፈር ይሞላበታል። መቃኑ ይጣመማል፣ ቀለሙም እንደ ውሃ ቋጠሮ ያብጣል።

ምርመራው ቀላል ነው። በካቻቪቴ እጀታ መቃኑን ከደፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ አንኳኩት። ደህናው እንጨት ደረቅ፣ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ባዶ ሣጥን የመታችሁ ያህል ይሰማል። ከዚያ በካቻቪቴው ጫፍ ተጫኑት። ምስጥ የእንጨቱን ላይኛ ገጽ እንደ ወረቀት አሳስቶ ስለሚተወው ጫፉ ያለ ትግል ይገባል። ውስጡ በእንጨቱ ርዝመት የተቦረቦረና አፈር የተለቀለቀ ከሆነ ምስጥ ነው።

ከነቀዝ ጋር እንዳታምታቱት። ነቀዝ የገባበት እንጨት ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ከሥሩም እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይወድቃል። ይህ ምስጥ ቀዳዳም ዱቄትም አይተውም። አየርና ብርሃን ስለማይወድ የከፈተውን ሁሉ በጭቃ ይደፍናል። ነቀዝ እዚያው እንጨቱ ውስጥ ስለሚኖር እንጨቱን በማከም ወይም በመቀየር ይገላገሉታል። ምስጥ እንዲያ አይደለም።

ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር

እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው የጭቃ ቧንቧ ከመሠረቱ፣ ከመቃኑ ጥግ ወይም ከግድግዳው ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። ምስጡ ሰውነቱ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በዚህ ቧንቧ ውስጥ ተሸፍኖ ይመላለሳል።

ቧንቧውን አይታችሁ ሙሉ በሙሉ አትጥረጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መጥረጊያ ያነሳል፣ ግድግዳውን ያጸዳል፣ ማስረጃውንም አብሮ ይጥላል። ከመሃሉ ጣት የሚያህል ብቻ ስበሩና በቀጣዮቹ ቀናት ተመልከቱት። በእርጥብ ጭቃ ከተጠገነ ምስጡ አሁንም እየሠራ ነው። ሳይጠገን ከቀረ መንገዱ ተትቶ ይሆናል፣ ወይም ሌላ አውጥተዋል። ስለዚህ ሌላውን ጥግም ማየት አይቀርም፣ በተለይ ቁምሳጥን የተጠጋበትን።

መስኮቱ ሥር የረገፈ ክንፍ

የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ዝናቦች እንደጣሉ አሸን ይፈላል፣ አምፖል ይከብባል፣ ጠዋት ወለሉ በክንፍ ይሸፈናል። ከውጭ በብርሃን ተስቦ የገባ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ከመቃኑ ስንጥቅ ወይም ከሊሾው ሥር ሲወጣ ካያችሁት ነው። ምክንያቱም አሸን የሚያወጣው ዓመታት የቆየ፣ የደረጀ መንጋ ነው። አዲስ መንጋ ለዚያ አቅም የለውም።

ክንፍ ያለው ጉንዳንም በዚሁ ሰሞን ስለሚወጣ አንዱን አንስታችሁ ተመልከቱ። የጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፣ የፊት ክንፎቹም ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። የምስጥ ወገብ ደንዳና ነው፣ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው።

እንዴት ነው የሚስፋፋው?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው አሸኑ ነው። ክንፉን ካራገፈ በኋላ ወንድና ሴት ተከታትለው እርጥብ አፈር ቆፍረው ይገባሉ። አብዛኞቹን ወፍ፣ ዶሮና ጉንዳን ይበላቸዋል። የተረፉት ጥንዶች ንጉሥና ንግሥት ይሆናሉ። መጀመሪያ የሚፈለፈሉት ጥቂት ሠራተኞች ናቸው፣ መንጋው የሚያድገውም ቀስ እያለ ነው። ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ዓይነት ንግሥት ስትደረጅ ግን በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ለቤት ይበልጥ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው። ቀድሞ የነበረ መንጋ ከመሬት በታች መተላለፊያ እየዘረጋ ምግብ ይፈልጋል። ጎጆው ከቤታችሁ በአሥር ሜትሮች ርቆ፣ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ብዙዎቹ ምስጦች የበሉትን ወደ ጎጆ ወስደው በላዩ ፈንገስ ያበቅላሉ፣ የሚመገቡትም ያንኑ ነው። ከኩይሳ አካባቢ በክረምት የሚበቅለው እንጉዳይ የዚያው ፈንገስ ፍሬ ነው። የበራችሁ መቃን ለዚህ ማሳ የሚጋዝ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው።

መቃኑ ላይ ነጭ ጋዝ ወይም የዝንብ መርጫ መንፋት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። የምትገድሉት በዚያች ሰዓት እንጨቱ ውስጥ የተገኙትን ሠራተኞች ብቻ ነው። ጎጆው ሌላ ይልካል።

አንድ ቤት ከላይ እስከ ታች

ወለጋ በኩል ያየሁት ቤት ነው። ቀይ አፈር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የባህር ዛፍ እንጨት። ምዕራቡ አገር በምስጥ የታወቀ ነው። ባለቤቱ የጠሩኝ የሳሎኑ ኮርኒስ በአንድ ጥግ ስለረገበ ነበር። እሳቸው የጠረጠሩት የቆርቆሮውን ማፍሰስ ነው።

ኮርኒሱ ሲከፈት በላዩ ደረቅ አፈር ተከምሯል። የአንዱ ወጋግራ ጫፍ ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ በጭቃ ተለብጧል። ቆርቆሮው ሲታይ ምስማሩ ሥር የውሃ ምልክት አልነበረም። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጣሪያው ደረቅ ከሆነ ምስጡ ውሃውን የሚያገኘው ከመሬት ነው፣ ወደ ታች የሚወርድ መንገድ አለ ማለት ነው።

ከወጋግራው ሥር ያለውን ልስን በመሮ ትንሽ ስንከፍት ማገሩ ተበልቶ አፈር ተሞልቷል። መንገዱን ወደ ታች ስንከተለው ጉበኑ ላይ ደረስን፣ ከዚያም በግራው መቃን ወረደ። መቃኑ ከሁለት ዓመት በፊት በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። እግሩ ጋ ሲደረስ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሊሾው የፈሰሰው መቃኑ ከቆመ በኋላ ነው። የመቃኑ እግር ሊሾውን አልፎ አፈር ውስጥ ተተክሏል። እንጨቱ ሲደርቅ በእሱና በሊሾው መካከል ክፍተት ተፈጠረ። ከደጅ ደግሞ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ እዚያው ጥግ ይደፋል። እርጥበት፣ አፈር የነካ እንጨት፣ ከሲሚንቶ ሥር የተሰወረ መግቢያ፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ተገናኙ።

ጥገናው

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ መሬቱ፣ ከዚያ መቃኑ፣ መጨረሻ ጣሪያው። ብዙ አናጢ በተቃራኒው ይሄዳል፤ አዲሱን ወጋግራ ሰቅሎ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ መንገዱን ክፍት ትቶት ይሄዳል።

ውሃው ወደ ሌላ ቦታ እንዲፈስ ተደረገ። ግድግዳው ላይ የተቆለለው አፈርና የተደገፈው ማገዶ ተነሳ። ከዚያ በግድግዳው ሥር፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ተቆፍሮ ለአፈር የተሠራ የምስጥ መድኃኒት ተደፋበት። የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር የመሠረት ጥልቀት በአንድ ሜትር ርዝመት 5 ሊትር ገደማ የተበጠበጠ መድኃኒት ነው። ከቦይው የወጣው አፈርም ሲመለስ በመድኃኒቱ ይርሳል። በሊሾው በኩል መቃኑ ሥር ተቦርቡሮ ውስጡ ይሞላል።

ቀስ ብሎ የሚገድለውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ፊፕሮኒል አንዱ ነው። ምስጡ ስለማያሸተው አይሸሽም፣ ተሻግሮበት ለሌሎቹም ያጋባል። መጠኑን ዕቃው ላይ የተጻፈው ይወስነዋል እንጂ የሻጩ ግምት አይደለም። የውሃ ጉድጓድ ቅርብ ከሆነ አትድፉ፣ ሥራውንም ጓንትና ጭምብል ላለው ባለሙያ ስጡ። "የድሮው ነው፣ ፍቱን ነው" ተብሎ ከመጋዘን የሚወጣ ዲልድሪን ወይም አልድሪን ካጋጠማችሁ አትንኩት። ሁለቱም በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት የታገዱ ናቸው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፣ ሰውነት ውስጥም ይከማቻሉ።

መቃኑ ሙሉ በሙሉ ወጣ። አዲሱ አፈር እንዳይነካ እግሩ ሥር ከወለሉ ከፍ ያለ የኮንክሪት መቀመጫ ተሠራለት። ይህን የሚተካ መድኃኒት የለም። አፈር የነካ የባህር ዛፍ እንጨት ምስጥ ባለበት አገር ቢፈጥንም ቢዘገይም ይበላል። ጥድና ወይራ የተሻለ ይቋቋማሉ፣ ያም ቢሆን ልባቸው እንጂ ነጩ ጠርዛቸው አይደለም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ለጊዜው ያዘገያል። ነገር ግን ላይ ላዩን ብቻ ስለሚይዝ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል፣ ቤት ውስጥም ለጤና አይመከርም።

ወጋግራውን በተመለከተ፣ በካቻቪቴ ዙሪያውን ሁሉ ወጋነው። ጫፉ ብቻ ከተበላና የቀረው ጠንካራ ከሆነ ጎኑ ላይ ሞራሌ ተደርቦ በቦሎን ይታሰራል። ካቻቪቴው መሃሉ ላይ ከሰመጠ ግን መለወጥ ብቻ ነው አማራጩ። ከመቆረጡ በፊት ጣሪያው በቋሚ መደገፍ አለበት፤ የተበላ ወጋግራ ሸክሙን የያዘው በቆርቆሮውና በአጠገቡ ባሉት ወጋግራዎች ትብብር ሊሆን ስለሚችል ሳይደገፍ ሲነካ ይወርዳል። እዚህ ቤት አንዱ ተቀየረ፣ ሁለቱ ተደረቡ።

ኩይሳውን ብንንደውስ?

ግቢ ውስጥ ትልቅ ኩይሳ ካለ ቆፍሮ ንግሥቷን ማውጣት ከጥንት የሚሠራበት ዘዴ ነው። ደረቅ ጭቃ የመሰለ ጠንካራ ክፍል ውስጥ፣ ጣት የምታህል ሆና ትገኛለች። ካገኛችኋት መንጋው ብዙ ጊዜ ይዳከማል። ላዩን ብቻ መናድ ግን ዋጋ የለውም፣ መልሰው ይገነቡታል። ኩይሳ የማይሠሩ፣ ጎጆአቸው አፈር ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ ዓይነቶችም አሉ። ግቢያችሁ ኩይሳ ስለሌለው ምስጥ የለም ማለት አይቻልም።

ከጥገናው በኋላ መቀመጫው በልስን እንዳይሸፈን ለአናጢውም ለቀለም ቀቢውም ንገሩ። የኮንክሪቱ ጎን ገላጣ ከሆነ አዲስ ቧንቧ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ኮርኒሱም ላይ ሰው አንገቱን የሚያስገባበት ክዳን ይተው፣ የወጋግራዎቹ ጫፎች በዝናብ መግቢያና መውጫ በባትሪ ይታዩ።