ለእርሻ ጌም የመጀመሪያ ትምህርት እንዴት ይጻፋል? መትከል፣ ማጠጣት፣ መሸጥ

አዲስ ተጫዋች የእርሻ ጌም ሲከፍት ረጅም ማብራሪያ አያነብም። ጣቱ ቶሎ የሆነ ነገር መንካት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት አጭር ይሁን፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እዚህ የምንጽፈው ስክሪፕት ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጣና ዳር ባለች ትንሽ ማሳ ላይ ነው። ሰብሉ ሽንኩርት ነው። አስተማሪዋ ደግሞ የጎረቤት እናት ናቸው፤ «እማማ» እንበላቸው።

ከሁሉ በፊት ወሩን ወስኑ። ጌሙ ሐምሌ ላይ ከጀመረ ማጠጣትን ማስተማር ትርጉም የለውም፤ ዝናቡ ራሱ ያጠጣል። በዚያ አካባቢ ሽንኩርት በመስኖ የሚለማው በበጋ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ አስጀምሩት። ተጫዋቹም ዘር ሳይሆን ችግኝ ይዞ ይጀምር። ሽንኩርት መጀመሪያ መደብ ላይ ይፈላል፤ ወደ ማሳ የሚዛወረው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ትምህርት ማሳየት አይቻልም። ስድስት ችግኝ በእጁ ስጡት፤ የማፍላቱ ሥራ በኋላ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሆናል።

አሁን ወደ ንግግሩ። አማርኛ ላይ ወዲያው የሚያጋጥመው ችግር ትእዛዝ ነው። «ትከል» ካልን ሴቷን ተጫዋች ረሳናት፤ «ትከይ» ካልን ወንዱን። «ይትከሉ» ሁለቱንም ያስማማል፤ ግን እማማ ልጃቸው ለሚሆን ሰው እንዲህ አይሉም። አንዳንዱ ጌም ጾታ ጠይቆ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያስጽፋል፤ ለሁለት ደቂቃ ትምህርት ይህ ብዙ ድካም ነው። እኔ የምመርጠው «እንትከል»፣ «እንክፈት»፣ «እንሽጥ» የሚለውን ነው። ጾታ አይለይም። እማማ አብረው እየሠሩ ያሉ ስለሚመስልም ንግግሩ ይለሰልሳል። «ልጄ» እና «ጎሽ» ለሁለቱም ይሆናሉ። «እንኳን ደህና መጣህ» ግን ስለሚለይ ተዉት። ቁልፎች ላይ «ሽጥ» ሳይሆን «መሸጥ»፣ «እለፍ» ሳይሆን «ማለፍ» ብላችሁ ጻፉ።

አንድ ንግግር ከሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። «ቀጥል» የሚል ቁልፍም አታስገቡ። ንግግሩ የሚያልፈው ተጫዋቹ ሥራውን ሲሠራ ብቻ ነው። አለዚያ ሳያነብ ቁልፉን እየደበደበ ያልፈውና ማሳው ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል።

ደረጃ 1፦ መትከል

እማማ፦ «ልጄ፣ ክረምቱ ወጣ። ሽንኩርት እንትከል።»

መደቡ የተዘጋጀ ነው፤ በመሃሉ ቦይ ያልፋል። ሽንኩርት የሚተከለው በቦዩ ግራና ቀኝ ስለሆነ፣ ሦስት ጉድጓድ በአንድ በኩል፣ ሦስት በሌላው አስቀምጡ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የእጅ ምልክት ይታይ። ተጫዋቹ ሲነካው ችግኙ ይተከላል፤ ምልክቱም ይጠፋል። የቀሩትን አምስት ራሱ ያግኛቸው። ስድስቱንም እየተከተሉ ማሳየት አያስፈልግም፤ ሁለተኛውን ያለ እርዳታ ሲተክል ነው ተማረ የሚባለው።

እማማ፣ ስድስተኛው ሲተከል፦ «ጎሽ ልጄ!»

ደረጃ 2፦ ማጠጣት

እማማ፦ «ችግኙ ጠምቶታል። ቦዩን እንክፈት።»

ብዙ የእርሻ ጌም ማጠጫ ዕቃ አስይዞ ችግኝ በችግኝ ያስጠጣል። ጣና ዳር ግን ውኃው በፓምፕ ተስቦ በቦይ ነው የሚመጣው። ይህ ለእኛም ይቀላል፤ አንድ ንክኪ ብቻ ይበቃል። ተጫዋቹ የቦዩን አፍ የዘጋውን አፈር ሲነካ አፈሩ ይነሣል፣ ውኃውም ቀስ እያለ በመደቡ መሃል ይሄዳል። ውኃ የነካው አፈር ይጥቆር። ቀለም ለይቶ ማየት ለሚቸግረው ሰው የውኃ ድምፅ ጨምሩ፤ የጠወለገው ቅጠልም ቀና ይበል።

እዚህ ላይ አንድ የምትጠብቁት ነገር አለ። «ጠምቶታል» ሲባል አንዳንድ ሰው ቦዩን ትቶ ሐይቁን ይነካል። አልተሳሳተም፤ ውኃው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ሐይቁንም ፓምፑንም ተቀበሉት፤ ፓምፑ ይነሣ፣ ቦዩም ይከፈት። በፋይሉ ውስጥ እንዲህ ይጻፋል፦

```json
{
  "step": 2,
  "line": "ችግኙ ጠምቶታል። ቦዩን እንክፈት።",
  "accept": ["canal_gate", "lake", "pump"],
  "hint_after": 6,
  "done_when": "bed_wet"
}
```

`hint_after` ማለት ተጫዋቹ 6 ሰከንድ ምንም ካልነካ የእጅ ምልክቱ ይምጣ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ቢነካ ቀይ ምልክትም የስሕተት ድምፅም አይኑር። ውኃ በዝቶ ችግኝ መበስበሱም በዚህ ትምህርት ውስጥ አይግባ፤ ቦዩን አሥር ጊዜ ቢነካው ምንም አይሁን።

ከዚያ ቀኖቹ ይሮጣሉ። ሽንኩርት ማሳ ላይ ወራት ይፈጃል፤ እዚህ ግን 15 ሰከንድ ይበቃዋል። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ደጋግማ ትውጣና ትግባ። መድረሱን የሚያሳውቅ ጽሑፍ አታስገቡ፤ ሽንኩርቱ የራሱ ምልክት አለው። ሲደርስ አንገቱ ይለሰልስና ቅጠሉ መሬት ላይ ይወድቃል። ገበሬውም ውኃውን ያቋርጥበታል። ተጫዋቹ ይህን ምልክት እዚህ ካየ በኋላ ትልቅ ማሳ ሲይዝም ይጠቅመዋል።

ደረጃ 3፦ መሸጥ

እማማ፦ «ቅጠሉ ወደቀ። ነቅለን እንሽጥ።»

መንቀሉን ራሱን የቻለ ደረጃ አታድርጉት። ተጫዋቹ ሽንኩርቶቹን ሲነካ ወደ ቅርጫት ይገባሉ፣ ወዲያው ሚዛን ይመጣል። ገበያ ድረስ አትውሰዱት፤ ነጋዴው ማሳው ዳር ይምጣ። በእውነቱም ነጋዴ ሽንኩርት ከማሳ ይጭናል። ሚዛኑ ላይ «1 ኪሎ፣ 40 ብር» ይታይና ከሥሩ «መሸጥ» የሚል አንድ ቁልፍ ይኑር። ክርክርና ዋጋ መቀነስ የገበያው ወግ ቢሆንም ለኋላ ይቆይ። አሁን ተጫዋቹ የሚማረው ምርቱ ብር እንደሚሆን ብቻ ነው።

እማማ፣ ብሩ ሲገባ፦ «ጎሽ! በዚህ ብር ችግኝ እንገዛለን።»

ዋጋው ላይ ተጠንቀቁ። የስድስት ችግኝ እስር በጌሙ ሱቅ 25 ብር ከሆነ፣ ተጫዋቹ ገዝቶ 15 ብር ይተርፈዋል። ችግኙ 40 ብር ቢሆን ባዶ እጁን ይቀራል፤ 45 ቢሆን ደግሞ ጌሙ እዚያው ቆመበት። ሱቁ የሚከፈተውም አሁን ነው፤ ከዚህ በፊት ስክሪኑ ላይ አይታይ።

ስክሪፕቱን ጌም ለማይጫወት ሰው ስጡና ዝም ብላችሁ ጣቱን ተመልከቱ። የንግግር ሳጥኑን ደጋግሞ ከነካ ጽሑፉ ረዝሟል፤ ወይም ሳጥኑ ማሳውን ሸፍኖታል። እናንተን ቀና ብሎ ካየ ምልክቱ ዘግይቷል። በፊደል ቦታ ባዶ ሳጥኖች ካያችሁ ፎንቱ የግእዝ ፊደል የለውም፤ `Noto Sans Ethiopic` አስገቡ።

ጌሙ መሃል ላይ ቢዘጋ፣ ሲከፈት ከዚያው ደረጃ መጀመሪያ ይነሣ፤ የተተከለው ችግኝም እንደተተከለ ይቆይ። «ማለፍ»ን የነካ ሰው ደግሞ የተነቀለ ማሳ፣ 40 ብርና የተከፈተ ሱቅ ያግኝ፤ ትምህርቱን የጨረሰው ከሚያገኘው አይነስ።