ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ቱቦው ይመታል፦ የአኩሙሌተር ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ ብረት ቤት እንውሰድ። ፍሬዛ ማሽኑ ላይ ብረቱን የሚጨብጡት አጫጭር የሃይድሮሊክ ፒስተኖች ናቸው። ፓምፑ መስመሩን እስከ 160 ባር ሞልቶ ይቆማል። ግፊቱ 120 ባር ሲደርስ የግፊት ስዊቹ መልሶ ያስነሳዋል። በዚህ መሃል መስመሩን የሚይዘው አኩሙሌተሩ ነው። ውጪው ወፍራም ብረት ነው፤ ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ የጎማ ከረጢት አለ። ዘይት ሲገባ ጋዙ ይጨመቃል። ዘይት በቫልቮቹ ሾልኮ ሲያልቅ ደግሞ ጋዙ መልሶ ይገፋል። ዘይት ሳይገባ በፊት ከረጢቱ ውስጥ የሚሞላው የጋዝ ግፊት ፕሪቻርጅ ይባላል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ምልክት፦ ፓምፑ ከድሮው ቶሎ ቶሎ ይነሳል

መጀመሪያ ጤነኛው ስንት ደቂቃ መያዝ እንዳለበት እንወቅ። በዚህ ማሽን ቫልቮቹ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ያሾልካሉ። ፓምፑ ሳይነሳ 10 ደቂቃ መቆየት ካለበት ግማሽ ሊትር ዘይት ያስፈልገናል። ፕሪቻርጁ የዝቅተኛው ግፊት 90 በመቶ ይሁን፤ የ120 ባር 90 በመቶ 108 ባር ነው። ግፊቱ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ስሌቱ ቀላል ነው። V0 የአኩሙሌተሩ መጠን በሊትር፣ ΔV የሚያስፈልገን ዘይት፣ p0 ፕሪቻርጁ፣ p1 ዝቅተኛው ግፊት፣ p2 ከፍተኛው ግፊት ነው፦

```
V0 = ΔV / (p0/p1 − p0/p2)
V0 = 0.5 / (108/120 − 108/160) = 0.5 / 0.225 = 2.2
```

2.2 ሊትር ይበቃል ማለት ነው። እኔ ግን 2.5 ሊትሩን ትቼ 4 ሊትሩን እገዛለሁ። ቫልቭ ሲያረጅ ማሾለኩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዘይቱ በአንዴ ሲወጣም ጋዙ ስለሚቀዘቅዝ የሚሰጠው ዘይት ያንሳል። በ4 ሊትሩ 0.9 ሊትር ዘይት ይገኛል፤ ይህ 18 ደቂቃ ያስኬዳል። (መጽሐፍ ላይ የከባቢ አየር 1 ባር ደምሩ ይላል። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች 0.7 ባር አካባቢ ነው። በ100 ባር ስሌት ግን ለውጡ አይታይም፤ ዝለሉት።)

አሁን ሰዓት ያዙ። ማሽኑን ሳትነኩ ጌጁ ከ160 ወደ 120 ለመውረድ 9 ደቂቃ ብቻ ከወሰደበት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ጋዙ በግማሽ ቀንሷል፣ ወይ ማሾለኩ እጥፍ ሆኗል። በሰዓት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ቫልቭ ይቀይራል።

የሚለያቸው ሙከራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ብረቱን ከማሽኑ አውርዱ። ፓምፑን አጥፉ፤ ማንም እንዳያስነሳው ዋናውን ማብሪያ ቆልፉ። ከዚያ ዘይቱን ወደ ታንክ በሚመልሰው ማስተንፈሻ ቫልቭ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁና ዓይናችሁን ከጌጁ አትንቀሉ። ቀስቱ መጀመሪያ በዝግታ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርስ በድንገት ዜሮ ላይ ይወድቃል። የወደቀበት ቁጥር ፕሪቻርጁ ነው። 108 አካባቢ ከወደቀ አኩሙሌተሩ ደህና ነው፤ ቫልቮቹን ፈትሹ። 54 አካባቢ ከሆነ ጋዙ ሸሽቷል።

ገና ከ160 ጀምሮ ዘጭ ካለስ? ያኔ ወይ ጋዝ የሚባል የለም፣ ወይ ከ160 በላይ ተሞልቶ ዘይት አላስገባ ብሏል። ዘይቱ ጨርሶ መውጣቱን አረጋግጡ፤ ጌጁ ዜሮ ይሁን። ከዚያ የጋዝ መሙያ ጌጁን ከላይ አስራችሁ ለኩ። ከጋዙ አፍ ዘይት ብቅ ካለ ጎማው ተቀዷል፤ መሙላቱ ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ አዲሱ ጎማ ቶሎ ይቀደዳል

ይሄኛው የብርድ አገር ችግር ነው። ደብረ ብርሃን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 8 ዲግሪ ሲሆን መካኒኩ መጥቶ 108 ባር ሞልቶ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ግሎ፣ ከታንኩ ላይ የተቀመጠው አኩሙሌተር 45 ዲግሪ ይደርሳል። ጋዙ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፦

```
108 × (273 + 45) / (273 + 8) = 122
```

122 ባር ከፓምፑ መነሻ ከ120 በላይ ነው። ስለዚህ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ዘይቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ከረጢቱም እየተለጠጠ በዘይት አፍ ላይ ባለው ቫልቭ ይመታል። ጎማው የሚበላው እዚያ ነው። ሥራው ግን ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል፤ በሰዓት ብትለኩትም ጉድለት አታገኙም። የሚያጋልጠው ማሽኑ እንደሞቀ የሚደረገው የማስተንፈስ ሙከራ ነው፤ ቀስቱ ከ120 በላይ ይወድቃል።

መፍትሄው 108ን በሥራ ሙቀት የሚፈለግ ቁጥር አድርጎ መያዝ ነው። በ8 ዲግሪ ጠዋት የምትሞሉ ከሆነ 95 ባር ላይ አቁሙ። 20 ዲግሪ ከሆነ 99 ወይም 100 ይሁን። ስትሞሉ የጋዙ ሙቀት ስለሚዛባ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ።

ተቃራኒውም ያሳስታል። ሸዋሮቢት በ32 ዲግሪ ቀትር 108 የተሞላ አኩሙሌተር በማግስቱ ደብረ ብርሃን በ5 ዲግሪ ጠዋት ሲለካ 98 ያሳያል። ጋዝ አልሸሸም። ሻጩን ከመውቀስ በፊት ቴርሞሜትር አውጡ።

የሚሞላው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ናይትሮጅን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብሎ ከብየዳው ኦክስጅን የሚቀጥል ሰው አይጠፋም። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። የኮምፕረሰር አየርም ኦክስጅን ስላለው አይሆንም። ግፊቱን የሚቀንስ ሬጉሌተርም አስገቡ፤ ሙሉ ቦምቦላ በቀጥታ ቢለቀቅ ጎማውን ይጎዳል። በሌላ በኩል ከ95 ባር በታች የወረደ ቦምቦላ ይህንን አኩሙሌተር ሊሞላ አይችልም።

ምልክት፦ ቱቦው ይመታል

መጀመሪያ መቼ እንደሚመታ አዳምጡ። ቫልቩ ሲዘጋ ከሆነ፣ ሲሮጥ የነበረው ዘይት በድንገት ቆሞ ነው። ለዚህ አኩሙሌተር ይረዳል። የተጨበጠው ሲለቀቅ ከሆነ ግን ድምፁ ያለው በመመለሻው መስመር ነው። የግፊት መስመሩ ላይ ስንት አኩሙሌተር ብትደረድሩ አይፈታም፤ ቫልቩ ቀስ ብሎ እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል።

ለመጀመሪያው ዓይነት፣ ያው 4 ሊትሩ ካለ ለምን አይበቃም? ታንኩ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። ምቱ ቫልቩ ጋ ተነስቶ ቱቦውን መትቶ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። አንድ ሊትር የሆነች ሌላ አኩሙሌተር ከሚዘጋው ቫልቭ አጠገብ፣ ከፓምፑ በኩል ግጠሙ። ፕሪቻርጇን ዝቅ አድርጉ፤ ከመስመሩ የተለመደ ግፊት ከ60 እስከ 70 በመቶ። መስመሩ በአማካይ 140 ባር ከሆነ ከ84 እስከ 98 ባር ነው፤ ይህም በሥራ ሙቀት። ሁሌም ትንሽ ዘይት ውስጧ ይኑር፤ አለዚያ ምቱን የሚቀበል ነገር አይኖራትም። ማገናኛው አጭርና ሰፊ ይሁን። ቦታ ስለጠበበ ተብሎ በቀጭን ረጅም ቱቦ ከታሰረች ዘይቱ በጊዜ አይደርስባትም፤ ቱቦውም እንደ ድሮው ይመታል።