ሄድፎን ከመግዛታችሁ በፊት ኮዴኩንና መዘግየቱን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ጎንደር ፒያሳ አንድ የሞባይል ሱቅ ገብታችሁ ሄድፎን ብትጠይቁ፣ ሻጩ ቶሎ የሚያሳያችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። «ይሄ ብሉቱዝ 5.0 ነው፣ ያኛው ግን 5.3! ድምፁ ሌላ ነው» ይላችኋል። ዋጋውም ሌላ ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ድምፅ ጥራት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሙዚቃ በብሉቱዝ የሚሄደው ተጨምቆ ነው። ስልኩ ይጨምቀዋል፣ ሄድፎኑ ይፈታዋል። ይህን የሚሠራው ኮዴክ ይባላል። ስልኩም ሄድፎኑም አንድ ዓይነት ኮዴክ ማወቅ አለባቸው። ካልሆነ በተለመደው ብሉቱዝ ሁሉም ወደሚያውቀው SBC ይመለሳሉ። SBC እንደሚወራበት መጥፎ አይደለም፤ አሠራሩ ጥሩ ከሆነ በሰከንድ እስከ 328 ኪሎቢት ይልካል። LDAC የሚባለው ሌላ ኮዴክ ደግሞ 330፣ 660 ወይም 990 ኪሎቢት ይልካል። ከብሉቱዝ 5.2 ጀምሮ የመጣው ኤልኢ ኦዲዮ የሚባል አዲስ የድምፅ አላላክ የራሱ ኮዴክ አለው፣ LC3 ይባላል። ነገር ግን አምራቹ የግድ አይጨምረውም። ስለዚህ 5.3 የሚል ሄድፎን LC3 ጭራሽ ላይኖረው ይችላል።

እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሄድፎኑን ከራሳችሁ ስልክ ጋር አገናኙት። አንድሮይድ ከሆነ Settings ውስጥ About phone ግቡና Build number የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩት። አንዳንድ ስልክ ላይ Software information ውስጥ ተደብቆ ታገኙታላችሁ። ከዚያ Developer options ይከፈታል፤ እዚያ Bluetooth Audio Codec የሚለውን ፈልጉ። አሁን እየሠራ ያለው ኮዴክ ተመርጦ ይታያል። የደበዘዙትን ሄድፎኑ ወይም ስልኩ አያውቃቸውም ማለት ነው። ካርቶኑ LDAC ብሎ ዝርዝሩ ላይ ከደበዘዘ፣ መጀመሪያ የብሉቱዝ ገጹ ላይ ከሄድፎኑ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት ነክታችሁ HD audio መብራቱን እዩ። በርቶም ካልመጣ ብራችሁን አትክፈሉ።

አይፎን የያዘ ሰው ይህን ዝርዝር አያገኝም። አይፎን ለሙዚቃ AAC የሚባለውን ኮዴክ ነው የሚመርጠው፣ LDAC አያውቅም። ለLDAC ብሎ ብር መጨመር ለእሱ ኪሳራ ነው።

LDAC የያዛችሁ እንደሆነ 990 ላይ ለመስቀል አትቸኩሉ። ቤት ውስጥ፣ ስልኩ አጠገባችሁ ሲሆን ጥሩ ነው። አራዳ ገበያ መሀል ወይም ወደ አዘዞ በሚሄድ የሞላ ታክሲ ውስጥ፣ ስልኩ የኋላ ኪስ ሆኖ፣ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ይጀምራል። የሰው ገላ ሲግናሉን ይውጠዋል፤ የሌሎች ብሉቱዝና ብዙ ዋይፋይም እዚያው አየር ላይ ይሻማሉ። እዚያው Developer options ውስጥ ወደ 660 አውርዱት። እሱም ከተቆራረጠ Best Effort አድርጉት፣ ራሱ እንደ ሁኔታው ይቀያይራል። ደግሞ ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ዘፈን ድሮውንም 128 ኪሎቢት ከሆነ፣ 990 የጠፋውን አይመልስም።

ወደ መዘግየቱ እንምጣ። ብዙ ሰው በዩቲዩብ ይፈትናል፤ የዘፋኙ አፍና ድምፁ ከገጠመ «ዲሌይ የለውም» ይላል። ዩቲዩብ ግን ለዚህ ምስክር አይሆንም። የቪዲዮ አፖች ሄድፎኑ ምን ያህል እንደሚዘገይ አስልተው ምስሉን ያቆዩታል። ጌም ግን ጣታችሁ መቼ እንደሚነካ አስቀድሞ ስለማያውቅ እንዲህ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ነፃ የፒያኖ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። አንዱን ቁልፍ መጀመሪያ በስልኩ ስፒከር፣ ቀጥሎ በሄድፎኑ ንኩት። በሁለቱ መሀል የምትሰሙት ልዩነት የብሉቱዙ ነው። በSBC እና በAAC ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ገደማ መዘግየት የተለመደ ነው፤ ተኩስ ያለበት ጌም ላይ በደንብ ይሰማል።

የሚዘገየው ሄድፎኑ የመጣለትን ድምፅ ወዲያው ስለማያጫውት ነው። አየር ላይ የጠፋ ቁራጭ እንደገና እስኪላክ ድምፁ እንዳይቋረጥ ትንሽ ያጠራቅማል። ጌም ሞድ የሚባለው ይህን ክምችት የሚቀንስ ነው። መዘግየቱ ይቀንሳል፣ መቆራረጡ ግን ይጨምራል። እንግዲህ ጌም ስትጫወቱ አብሩት፣ ሙዚቃ ስትሰሙ አጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሱቅ ድረስ ተመላልሶ የሚያጨቃጭቅ ነው። ጌም ውስጥ ማይክ ስትከፍቱ ወይም ስልክ ሲደወል ድምፁ ድንገት እንደ ድሮ ሬዲዮ ይሆናል። ሄድፎኑ አልተበላሸም። ማይኩ ሲሠራ ብሉቱዙ ወደ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፣ የሚልከውም ሞኖ ድምፅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ናሙና ብቻ። ኮዴክ በመቀየር አይድንም። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ማይኩን ከሄድፎኑ አንስታችሁ ወደ ኮምፒውተሩ ቀይሩት፤ ድምፁ ወዲያው ይመለሳል። ስልክ ላይ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ለጌም ወሬ ባለገመዱ ኤርፎን ይሻላል።