ስኳት ላይ ተረከዝ ሲነሳ፣ ጉልበት ሲገባ፣ ወገብ ሲጎብጥ

ስኳታችሁ ሲበላሽ አስቀድማችሁ ስንተኛው ድግግሞሽ ላይ እንደተበላሸ እዩ። ገና የመጀመሪያውን ስትወርዱ ተረከዛችሁ ከተነሳ ችግሩ አቋቋማችሁ ወይም መገጣጠሚያችሁ ላይ ነው። አምስቱን አሳምራችሁ ሠርታችሁ ስድስተኛው ላይ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ከገባ ግን አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ያለቀው አቅማችሁ ነው። (በእኛ ቋንቋ "ጉልበት" መገጣጠሚያውም ኃይሉም ስለሆነ፣ እዚህ ጉልበት ስንል መገጣጠሚያውን ነው፤ ኃይሉን አቅም እንለዋለን።) የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት በማስተካከል ይድናል፣ ሁለተኛው በመቀነስ። ምግብ ቀንሶ ክብደት እየቀነሰ ያለ ሰው በአብዛኛው የሚቸገረው በሁለተኛው ነው፤ ግን በመጀመሪያው መድኃኒት ሊያክመው ሲሞክር ሳምንታት ያልፋሉ።

ለማየት ስልካችሁን ሁለት ሜትር ያህል አርቃችሁ በዳሌ ከፍታ አቁሙትና አንዱን ዙር ከጎን፣ አንዱን ከፊት ቅረጹ። መስታወት አይበቃም፤ ጎናችሁን ለማየት አንገት ስታዞሩ ጀርባችሁም አብሮ ይዞራል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ክብደቱን ደረት ላይ አቅፎ ስለሚሠራው ስኳት ነው። ለጀማሪ ብረት ትከሻ ላይ ከመጫን ይህ ይሻላል። ከፊት የተያዘው ክብደት ሚዛን ስለሚጠብቅ ቀጥ ብሎ መውረድ ይቀላል፣ ካቃታችሁም መሬት ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ዳምቤል ከሌለ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ፣ ባለ 10 ሊትሩ 10 ኪሎ ነው። ጢም ብሎ ይሞላ፤ የጎደለ ጀሪካን ውስጡ ያለው ውሃ እየተንቦጫረቀ ሚዛን ያስታል።

ተረከዝ ይነሳል፣ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል

የምንፈልገው ጥልቀት ጭን ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት ወይም ትንሽ ዝቅ የሚልበት ነው። እዚያ መድረስ ካቃተ ምክንያቱ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፣ የሚለያቸውም አንድ የግድግዳ ፈተና ነው። ጫማ አውልቁ፣ አውራ ጣታችሁን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ተረከዛችሁን ሳታነሱ ጉልበታችሁን ግድግዳው ላይ አስነኩ። ሁለቱንም እግር ፈትኑ፤ አንዱ ብቻ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው።

ካልነካ ቁርጭምጭሚታችሁ አልታጠፍ ብሏል። ሲወርድ ጉልበት ወደ ፊት መሄድ ሲያቅተው ሰውነት ቦታውን የሚያገኘው ተረከዝ በማንሳት ነው። ለጊዜው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ከሁለቱም ተረከዞች ሥር አድርጉ፤ ጥልቀቱ ወዲያው ሲመጣ ታዩታላችሁ። ጎን ለጎን ያንኑ የግድግዳ እንቅስቃሴ ከልምምድ በፊት በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር ሥሩ። ጣውላው ነውር የለውም፤ ክብደት አንሺዎችም ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው።

ከነካ ግን ቁርጭምጭሚቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ አቋቋም ላይ ነው። እግሮቻችሁ ተጠጋግተው፣ ጣቶቻችሁ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ካዩ ስትወርዱ ጭናችሁ ከሆዳችሁ ጋር ይጋጫል። የትከሻ ስፋት ያህል ወይም ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ጣቶችን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ አዙሩ፣ ስትወርዱ ዳሌያችሁ በሁለቱ ተረከዞች መካከል ይግባ። ሶሉ ስፖንጅ የሆነ የሩጫ ጫማም ተረከዝን ያወዛውዛል፤ ባዶ እግር ይሻላል።

ጥልቀቱን ለመልመድ ከኋላችሁ በርጩማ አድርጉ፣ ከፍ እንዲል አንድ ጋቢ አጣጥፋችሁ ጣሉበት። ስትወርዱ ጋቢውን በመቀመጫችሁ ንኩት እንጂ አትቀመጡበት፤ የተቀመጠ ሰው ሆዱ ይላላል። በየሳምንቱ አንድ እጥፋት ቀንሱ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጢጥ ማለት የለመደ ሰው "እኔ መሬት ድረስ እወርዳለሁ" ብሎ ይህን ክፍል ሊዘለው ይፈልጋል። መውረዱ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጢጥ ብለን ስናርፍ ወገባችን ጎብጦ፣ ጡንቻችን ላልቶ ነው፤ ክብደት ይዞ በዚያ ቅርጽ መውረድ ወገብን ለሕመም ይዳርጋል።

ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል

ከፊት የተቀረጸውን እዩ። ጉልበቱ መከተል ያለበት የሁለተኛዋንና የሦስተኛዋን ጣት አቅጣጫ ነው። ከአውራ ጣት ወደ ውስጥ ካለፈ ስህተት ነው።

ከመጀመሪያው ድግግሞሽ የሚገባ ከሆነ ወደ ታች ወርዳችሁ እግራችሁን እዩ። የውስጥ እግራችሁ ጎድጓዳ ክፍል ተኝቶ፣ የትንሿ ጣት ሥር ከመሬት ተላቆ ታገኙታላችሁ። እግር ወደ ውስጥ ሲተኛ ጉልበት ይከተለዋል። ስለዚህ ጉልበትን በግድ ወደ ውጭ ከመግፋት ከሥር ጀምሩ፦ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥርና ተረከዝ ሦስቱም እኩል ይጫኑ፣ እንደ ጉልቻ። ሦስቱ ጉልቻዎች ከመሬት ካልተላቀቁ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መስመር ይይዛል። ለአንድ ሳምንት ያለ ክብደት፣ በሦስት ሰከንድ እየወረዳችሁ፣ ታች አንድ ሰከንድ እየቆማችሁ ሥሩት።

በመጨረሻዎቹ ድግግሞሾች ብቻ የሚገባ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ክብደቱን ወይም ቁጥሩን ቀንሱ፣ ዙሩንም ጉልበት ሊገባ ሲጀምር አቁሙ።

"ጉልበት ከጣት ማለፍ የለበትም" የሚለውን በየጂሙ ትሰማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ጉልበታቸው ጣታቸውን እንዳያልፍ በሰሌዳ የታገዱ ሰዎችን ለካ። ጉልበት ላይ ያለው ጫና ጥቂት ቀነሰ፣ ዳሌ ላይ ያለው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሰዎቹም የበለጠ ወደ ፊት አዘነበሉ። በተለይ ጭነ ረጅም ከሆናችሁ ጉልበታችሁ ማለፉ ግድ ነው፤ ተረከዛችሁ መሬት ላይ እስካለ ድረስ ተዉት።

ጭን መቃጠሉ ወይም በማግስቱ መጎተቱ የጡንቻ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ እብጠት ወይም ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሐኪም ይየው።

ወገብ ይጎብጣል፣ በማግስቱም ያማል

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ልማድ አለ። ክብደት እየቀነሰ ያለ ሰው ሆዱ እንዳይታይ ወደ ውስጥ መሳብ ይለምዳል፣ ስኳትንም ሆዱን ስቦ ይሠራል። የተሳበ ሆድ አከርካሪን ከፊት የሚደግፍ ነገር አያስቀርለትም። የሚያስፈልገው በአየር የተሞላና ዙሪያውን የጠነከረ ሆድ ነው።

ለመማር ነጠላ ወይም መቀነት እምብርታችሁ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ቆማችሁ አየር አውጡ፣ የጎን አጥንታችሁ ዝቅ ይበል። ከዚያ በአፍንጫችሁ ወደ ታች ሳቡ፣ ከምትችሉት ሦስት አራተኛ ያህል። መቀነቱ ከፊት ብቻ ከተገፋ አልያዛችሁም፤ ከጎንም ከኋላ ወገባችሁ ላይም ሲጠብቅ ሊሰማችሁ ይገባል። ትከሻችሁ ከተነሳ አየሩ ደረት ላይ ቀርቷል። አሁን አንድ ሰው ጎናችሁን በጣቱ ሊወጋችሁ እንደሆነ ሆዳችሁን አጠንክሩ፣ ውረዱ፣ ተነሱ፣ ከባዱን ቦታ ስታልፉ አየሩን ልቀቁ። ለቀጣዩ ድግግሞሽ እላይ ቆማችሁ እንደገና ሙሉ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት መሥራት ራስ ያዞራል።

ደም ግፊት፣ የሆድ ቡአ ያለባችሁ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ትንፋሽ አትያዙ፤ ስትነሱ ቀስ እያላችሁ አውጡ፣ ክብደት ከማንሳታችሁም በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ትንፋሹ ተስተካክሎም ወገብ ታች ላይ ብቻ ከጎበጠ ከጎን የተቀረጸውን በዝግታ ተመልከቱ። መቀመጫው ወደ ሥር የሚታጠፍበት ቅጽበት አለ። ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው ነጥብ የዛሬ ጥልቀታችሁ ነው፤ ጋቢውን እዚያ ላይ ደልድሉት።

ትናንት ቀላል የነበረው ክብደት ዛሬ ከበደ

ምሳሌ እንውሰድ። 78 ኪሎ የሚመዝን ሰው ምግብ ከቀነሰ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። 16 ኪሎ ዳምቤል አቅፎ በ3 ዙር 10፣ 10 ጊዜ ይሠራ ነበር፣ በዙሮቹ መካከል አንድ ደቂቃ እያረፈ። አሁን የመጀመሪያው ዙር ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ ሰባተኛው ድግግሞሽ ሲደርስ ጉልበቱ ይገባል። ሦስተኛው ላይ አምስተኛው ሲደርስ ዳሌው ቀድሞ ተነስቶ ደረቱ ወደ ታች ይቀራል፣ ማታ ወገቡን ይሰማዋል። በሳምንት 1.5 ኪሎ እየቀነሰ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዳምቤሉን ወደ 6 ኪሎ አውርዶ 30፣ 30 ጊዜ መሥራት ይጀምራል፣ "ስብ ያቃጥላል" በሚል። የተሳሳተው እዚህ ነው። ስቡን የሚቀንሰው የምግቡ ጉድለት ነው፤ የስኳት ሥራ ለሰውነት "ይህን ጡንቻ እፈልገዋለሁ" ብሎ መንገር ነው፣ ያንንም የሚነግረው ከበድ ያለው ክብደት ነው። ሠላሳኛው ላይ ደግሞ የሚደርሰው ደክሞ፣ ቅርጹ ተበላሽቶ ነው።

ስለዚህ 16 ኪሎው ይቆይ፣ ሥራው ይቀንስ፦ 2 ዙር፣ 6፣ 6 ጊዜ፣ በመካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። እያንዳንዱ ዙር ገና ሁለት መጨመር ሲቻል ይቁም። የምግቡ ቅነሳም ይለዝብ፤ ከሰውነት ክብደት በሳምንት ከ1 በመቶ በላይ መውረድ፣ ለእሱ ከ0.8 ኪሎ ገደማ በላይ፣ አቅምንም ጡንቻንም ይዞ ይሄዳል። ፕሮቲን በኪሎ 1.6 ግራም ቢሰላ 125 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ያልተቀቀለ ምስር 25 ግራም ገደማ፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። በጾም ወቅት በምስር፣ በሽሮና በሽምብራ ብቻ 125 መድረስ ከባድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ክብደት ለመቀነስ አለመቸኮል ይሻላል። ልምምዱም ከተበላ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን እንጂ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ባዶ ሆድ ተቆይቶ ከመግደፊያው በፊት አይሁን። ሲነሱ ዓይን ካጨለመ ዳምቤሉን አስቀምጦ መቀመጥ፣ ውሃ መጠጣት፣ ያን ቀን ማቆም። ከተደጋገመ መመርመር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይቅረጽ። የሁለተኛው ዙር ስድስተኛ ድግግሞሽ የመጀመሪያውን ዙር የመጀመሪያ ድግግሞሽ ከመሰለ አንድ ድግግሞሽ ይጨምር። 10 ሲደርስ 2 ኪሎ ጨምሮ ወደ 6 ይመለስ። ካልመሰለ ባለበት ይቆይ።